ጊጋ ምንድን ነው? ስፍር እንጂ ቁጥር አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ ሲያስተምር «1 ጊጋ ማለት 1000 ፎቶ ነው፣ በቃ!» አለ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ጎንደር ፒያሳ ስልክ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ሂሳብ አምነው ስልክ የገዙ ሰዎች ወር ሳይሞላቸው ተመልሰው «ስልኩ ጊጋዬን በላው» ይሉኛል። ስልኩ ምንም አልበላም፤ ሂሳቡ ነው የተሳሳተው።

አንድ ማዳበሪያ ስንት ድንች ይይዛል? ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው «የምን ያህል ድንች?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ድንቹ የእንቁላል ያህል ከሆነ ብዙ መቶ ይገባል። በድንቹ ፋንታ ዱባ ከሆነ ግን አሥሩም ላይገባ ይችላል። ጊጋባይትም እንዲሁ ማዳበሪያው ነው። ስፍሩን ይነግርሃል፣ ቁጥሩን አይነግርህም። ቁጥሩ የሚታወቀው የምትከተው ነገር ስንት ሜጋ እንደሆነ ስታውቅ ነው። 1 ጊጋ ደግሞ 1000 ሜጋ ነው። 1024 ነው የሚሉ አሉ፤ ስልክ አምራቹ በ1000 ሲቆጥር አንዳንዱ መሣሪያ በ1024 ስለሚቆጥር 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ 59 ተኩል ገደማ ሆኖ ይታያል። አልተሰረቃችሁም። ለግምት 1000 ይበቃል።

አሁን የዛሬ ስልክ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ በአማካይ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ነው። 4 ብንለው በ1 ጊጋ ውስጥ የሚገባው 250 ነው። ያው ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ግን ተጨምቆ 200 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፣ የሜጋ አምስተኛ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ 5000 ይገባል። አስተማሪው 1000 ያለው እያንዳንዱ ፎቶ ልክ 1 ሜጋ ነው ብሎ ነው፤ ካሜራው ያነሳውም፣ ቴሌግራም የላከውም ግን 1 ሜጋ አይደለም።

ዘፈን ይቀላል። በተለመደው ጥራት የተጫነ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። የ5 ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋ፣ በ1 ጊጋ 200 ዘፈን። ከፍ ባለው ጥራት ከሆነ በደቂቃ ወደ 2.4 ሜጋ ስለሚወጣ 80 አካባቢ ብቻ ይገባል። በዘፈን ሚሞሪ የሞላበት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ፊልም ላይ ግን የማዳበሪያው ነገር ሌላ መልክ አለው። ያው የሁለት ሰዓት ፊልም 700 ሜጋም ሆኖ ይመጣል፣ 5 ጊጋም ሆኖ ይመጣል። ርዝመቱ አንድ ነው፣ የተጨመቀበት ልክ ነው የሚለየው። ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለ 5 ጊጋውን ፊልም ባዶ በሆነ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ስትጭኑ እምቢ ካለ «ቦታ የለውም» አትበሉ። ፍላሹ FAT32 በሚባለው አሮጌ አሠራር ተዘጋጅቶ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ማዳበሪያው ሰፊ ነው፣ አፉ ነው የጠበበው። ኮምፒውተር ላይ exFAT አድርጋችሁ ፎርማት ስታደርጉት ይቀበላል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋልና አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ዋናው ዱባ ራሳችሁ የምትቀርጹት ቪዲዮ ነው። ባለፈው ጥር 8 የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ባለ 64 ነው። የከተራንና የጥምቀትን ሁለት ሰዓት ያህል ልቀርጽ ነው፣ ይበቃኛል?»

64 ማለት የማዳበሪያው ስም ነው፤ ባዶው ስንት ነው የሚለው ነው ጥያቄው። የስልኩን ማከማቻ ከፍተን ስናይ ባዶው 14 ጊጋ ብቻ ነው። የስልኩ የራሱ ሲስተም ድርሻውን ይዟል፣ ያ አይነካም። ቴሌግራም ግን 9 ጊጋ ይዞ ተቀምጧል! አፑ ራሱ ከመቶ ምናምን ሜጋ ብዙም አያልፍም፤ የቀረው በየቻናሉ አይታ የረሳችው ቪዲዮ ነው። አፕ ሲወርድ ከሚታየው መጠን ይልቅ ከተጫነ በኋላ የሚያጠራቅመው ነው የሚከብደው። በቴሌግራም ሴቲንግ የማከማቻውን ክፍል ከፍተን ካሽ የሚባለውን፣ አፑ ያጠራቀመውን፣ ስናጸዳ 8 ጊጋ ተለቀቀ፣ ባዶው 22 ሆነ። ቪዲዮዎቹ ቻናሉ ላይ ስላሉ ካስፈለጋት ደግማ ታወርዳቸዋለች፤ ያኔ ግን የጥቅል ጊጋ ይቆጥርባታል። (ስልክ ሞልቶበት «ጥቅል ግዛ» የተባለ ሰው አውቃለሁ። ስፍሩ አንድ ነው፣ ግን ጥቅል የመንገድ ሂሳብ ነው እንጂ ጎተራ አይደለም።)

ከ22ቱ 3ቱን እንዳትነካ አልኳት። አፉ ድረስ የሞላ ስልክ ይንቀረፈፋል፣ ቀረጻውንም መሀል ላይ ያቋርጣል። ስለዚህ 19 ጊጋ አላት። ከዚያ «አሁን መንገዱን የአንድ ደቂቃ ቅረጪ» አልኳት። ቀረጸች፣ የፋይሉን ዝርዝር ከፈትን፦ 340 ሜጋ። ካሜራዋ 4K በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ላይ ነበር። 120 ደቂቃ በ340 ሲባዛ 40.8 ጊጋ። በዚህ አያያዟ 56ኛው ደቂቃ ላይ ያልቅባታል፤ ታቦታቱ ገና ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ማለት ነው። ዝቅ ወዳለው ጥራት፣ ወደ 1080p ቀይረን ደግማ የአንድ ደቂቃ ቀረጸች፦ 140 ሜጋ። 120 ደቂቃው 16.8 ጊጋ፣ ፎቶም ታነሳለችና 400 ፎቶ በ4 ሜጋ 1.6 ጊጋ፣ ድምር 18.4። ገባ።

«ጥራቱ አይቀንስም?» አለችኝ። ይቀንሳል። በስልክ ለሚያየው ሰው ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታየውም፣ በትልቅ ቴሌቪዥን ነው የሚታወቀው። ውኃው ሲባረክና ሰው ሲረጭ ያለውን 10 ደቂቃ በ4K ልቅረጽ ብላ ሞገተችኝ። ያ 3.4 ጊጋ ነው፤ የቀረው 110 ደቂቃ 15.4፣ ከፎቶው ጋር 20.4፣ ከ19 አለፈ። ከተራው ላይ 15 ደቂቃ ቀንሺ አልኳት፤ 18.3 ሆነና ተስማማን።

እኔ የጠራሁትን 140 እና 340 ግን እንዳለ አትውሰዱት። ስልኩ አዲሱን የአጨማመቅ ዘዴ የሚጠቀም ከሆነ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በራሳችሁ ስልክ፣ ልትቀርጹበት ባሰባችሁት ሴቲንግ የአንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ በደቂቃው ብዛት አባዙ።

ጥር 12 ማታ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ከ22ቱ 11 ጊጋ ተርፏል። የውኃውን 10 ደቂቃ በ4K ቀርጻለች፣ ከሌላው ግን የቀረጸችው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ጭፈራው ውስጥ ገብታ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ረስታዋለች።