ዞምቢ ምንድን ነው? ከባርነት ተረት እስከ ወረርሽኝ

ባለፈው ክረምት ደሴ ቤት ተቀምጠን ከወንድሜ ልጅ ጋር የዞምቢ ፊልም እናያለን። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል። አያቴ ቡና እየቆሉ ቀና አሉና "እኒህን ሙታን ያስነሳቸው ማነው? ጌታቸው የታለ?" አሉ።

"ጌታ የላቸውም እማማ፣ ቫይረስ ነው" አላቸው ልጁ።

ጥያቄያቸው ግን ዋናውን ነገር የነካ ነው። በእኛም ተረት ቡዳ የበላውን ሰው ሌሊት ከመቃብር አውጥቶ ነፍስ ይዘራበታል፤ ሰባት ዓመትም ባሪያ አድርጎ ይገዛዋል። እንግዳ ሲመጣ ጭንቅላቱን በበትር መታ ያደርገውና ሬሳው ድስት ወይም ጋን ይሆናል። (ተረት መሆኑ ይሰመርበት። ስንቱ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በዚህ ወሬ ያለ ጥፋቱ ተገልሏል።)

ዞምቢም መነሻው እንዲሁ ነው። አገሩ ሄይቲ ነው፤ ፈረንሳዮች አፍሪካውያንን በባርነት አግዘው ሸንኮራ አገዳ ያሠሩበት የካሪቢያን ምድር። እዚያ ቦኮር የሚባል አስማተኛ ሟቹን አስነስቶ እርሻ ላይ ያሠራዋል ይባላል። ይህ ዞምቢ አይናከስም፣ ሰው አያሳድድም። የሚያስፈራው እሱ ሳይሆን እንደ እሱ መሆን ነው። ለባሪያ ሞት ማረፊያው ነበር። ዞምቢ ከሆነ ግን ሞቶም አያርፍም። መፍትሔው ደግሞ ጨው ነው። ጨው ከቀመሰ መሞቱን ያውቅና ወደ መቃብሩ ይመለሳል። ስለዚህ ጌታው ምንጊዜም አልጫ ያበላዋል።

አሜሪካ ከ1915 እስከ 1934 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሄይቲን ስትይዝ ወሬው ባሕር ተሻገረ። በ1932 የወጣው "ነጭ ዞምቢ" ፊልም ላይ ገና ጌታ አለ፤ ሙታኑም የስኳር ወፍጮ ሲያዞሩ ይታያሉ።

ነገሩ የተገለበጠው በ1968 ነው። ጆርጅ ሮሜሮ "የሕያዋን ሙታን ሌሊት" በሚለው ፊልሙ ጌታውን አወጣው። ሙታኑ በራሳቸው ተነስተው ሰው ይበላሉ፤ የተነከሰችው ልጅ ሞታ ትነሳና እናቷን ትገድላለች። የሚገርመው፣ በፊልሙ ውስጥ "ዞምቢ" የሚል ቃል አንዴም አይነሳም። መንስኤው ከቬነስ የተመለሰ መንኮራኩር ጨረር ሳይሆን አይቀርም ይባላል እንጂ በሽታ ነው አይባልም። ሮሜሮ ሐሳቡን ያገኘው ከሪቻርድ ማቲሰን የ1954 ልብ ወለድ ነው። እዚያ ግን ሰውን ደም መጣጭ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነበር።

ንክሻው ካለ በሽታው መምጣቱ አልቀረም። በ1996 የጃፓን የቪዲዮ ጌም ዞምቢን ከቤተ ሙከራ ያመለጠ ቫይረስ ሥራ አደረገው። በ2002 "ከ28 ቀናት በኋላ" የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ደግሞ ሞትን ራሱን ተወው። ቫይረሱ የያዛቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ይሮጣሉ፣ ከሳምንታት በኋላም በረሃብ ይወድቃሉ።

እኛም የምናየው የዚሁ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የጨዉን ነገር ለአያቴ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን ይዘው ስክሪኑን ትንሽ አዩ።

"ታዲያ ለእኒህስ ጨው የሚያቀምሳቸው የለም?"

"ለእነሱ ጨው አይሠራም እማማ። አልሞቱም፤ ታመው ነው።"