ለፍርድ የመቅረብ ብቃት የሕክምና አስተያየት ምንድን ነው?

ተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ ዝም ካለ ወይም ከክሱ ጋር የማይገናኝ ነገር ከተናገረ ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ይህ ሰው አሁን ባለበት የአእምሮ ሁኔታ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ? የአእምሮ ሐኪሙ ለዚህ ጥያቄ ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ለፍርድ የመቅረብ ብቃት የሕክምና አስተያየት ነው።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚምታታ ሌላ ጥያቄ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 የሚናገረው ስለ ኃላፊነት ነው፤ ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት ሰውየው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ፣ ራሱን መግታትስ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ይመለከታል። ብቃት ግን የዛሬ ጉዳይ ነው። ድርጊቱን ሲፈጽም ጤነኛ የነበረ ሰው በእስር ላይ ሳለ ሊታመም ይችላል። ድርጊቱን ሲፈጽም ታሞ የነበረም ታክሞ ዛሬ በደንብ ሊከራከር ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመልስ ሪፖርት ዳኛውን ያሳስታል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሆስፒታሉ ከመድረሱ በፊት፣ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ነው። "የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ተመርምሮ ውጤቱ ይላክ" የሚል ትእዛዝ የትኛው ጥያቄ እንደተጠየቀ አይናገርም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ሲሾም የሚብራራውን ጭብጥ ለይቶ እንዲያመለክት ይጠይቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ግልጽ ካልሆነ ሐኪሙ ምርመራውን ሳይጀምር በሬጅስትራር በኩል ማብራሪያ ቢጠይቅ ይሻላል። አንድ ቀጠሮ ቢባክን እንኳ የማይፈለግ ጥያቄ የመለሰ ሪፖርት ከሚያባክነው ጊዜ ያንሳል።

ሐኪሙ የሚመዝነው ምንድን ነው? መነሻው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሳሽ የተሰጡት መብቶች ናቸው፤ ክሱን በዝርዝር ማወቅ፣ የቀረበበትን ማስረጃ ማየት፣ ምስክር መጠየቅና የራሱን ማስረጃ ማቅረብ፣ በጠበቃ መወከል። እነዚህን ሁሉ ሊጠቀምባቸው የሚችል አእምሮ ከሌለ መብቶቹ ወረቀት ላይ ይቀራሉ። በእንግሊዝ አገር በ1836 እ.ኤ.አ. በፕሪቻርድ ጉዳይ የተቀመጠው መለኪያም የክርክሩን ሂደት መረዳትንና መከላከያ ማቅረብ መቻልን ይጠይቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 እ.ኤ.አ. በደስኪ ጉዳይ ሲወስን ግን አንድ ወሳኝ ነገር አጉልቷል፤ ሰውየው ስለ ችሎቱ ማወቁ ብቻ አይበቃም፣ ያወቀውን በራሱ ጉዳይ ላይ በምክንያታዊነት ሊሠራበት ይገባል። አስቸጋሪዎቹ ሪፖርቶች የሚወድቁት እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ለማሳያ ያህል አንድ ምሳሌ እንሥራ። ተከሳሹ 36 ዓመቱ ነው፤ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ነበር። የጎረቤቱን ሱቅ በእሳት አቃጥሏል ተብሎ ተከሷል። ችሎት ላይ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ "ፍርዱ ከተሰጠ ቆይቷል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ" ብሎ ዝም አለ። ከዱከም ወዲህ ባለ ገጠር ያደገ፣ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ገበያ ላይ የሚበቃ አማርኛ ቢኖረውም ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት። በሁለተኛ ቋንቋ የተጠየቀ ሰው አጭርና የተቆራረጠ መልስ ሲሰጥ ሐሳቡ የተበታተነ ይመስላል፤ ይህን ከሕመም ለመለየት ሌላ መንገድ የለም። አስተርጓሚ ካስፈለገ ዘመድም የማረሚያ ቤት ጠባቂም መሆን የለበትም። ጠባቂው በመስታወት እያየ፣ ግን ከማይሰማበት ርቀት ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ከሁሉ በፊት ተከሳሹ አንድ ነገር ይነገረዋል፤ ይህ የሕክምና ቀጠሮ አይደለም፣ የተናገርከው ለዳኛውና ለዐቃቤ ሕጉ ሊደርስ ይችላል። መረዳቱም በራሱ ቃል እንዲደግመው በማድረግ ይረጋገጣል። ከዚያ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይጠየቃል። አንድ ቀን ብቻ የታየ ሰው ያን ቀን እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

"ዳኛ ሥራው ምንድን ነው?" ሲባል "ግራ ቀኙን ሰምቶ መፍረድ" ይላል። ዐቃቤ ሕግስ? "በመንግሥት ስም የሚከስ።" ጠበቃስ? "ለተከሳሹ የሚከራከር።" ጥፋተኛ ከተባለ እንደሚታሰርም ያውቃል። እዚህ ላይ የሚያቆም መርማሪ "ብቁ ነው" ብሎ ይፈርማል። የሚቀጥለው ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ያወጣል። "ያንተ ጠበቃስ?" "እሱ ጠበቃ አይደለም። ሱቁን ያቃጠሉት የላኩት ነው። የሚጽፈው ወረቀት ላይ ያለው ከኔ ጭንቅላት የተነበበ ነው።" ስለዚህ ለጠበቃው ምንም ላለመንገር ወስኗል፤ ሊጠቅሙት የሚችሉ ምስክሮችን ስም ቢጠራ እንደሚገደሉ ያምናል።

ሪፖርቱ ይህን እንዴት ይጻፈው? ከቀጠሮዎቹ በአንዱ ተከሳሹ ሱቁ በተቃጠለበት ሌሊት የት እንደነበር መናገር ጀምሮ ይሆናል። ሪፖርቱን ዐቃቤ ሕጉም ስለሚያነበው የተናገረው ሁሉ ቢሰፍር ሐኪሙ ሳያስበው የምርመራ ቃል ተቀባይ ይሆናል። የሚበቃው እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ "ተከሳሹ ለመከላከያው ሊጠቅም የሚችል መረጃ እንዳለው ገልጿል፤ በሕመሙ ምክንያት ለጠበቃው ለመንገር ፈቃደኛ አይደለም፤ የመረጃው ይዘት ከዚህ ሪፖርት ጥያቄ ውጭ ነው።" ስለ ጠበቃው የተናገረው ግን ቃል በቃል ይጠቀሳል፤ የአስተያየቱ ዋና ማስረጃ እሱ ነውና።

ቀጥሎ ያለው ክፍል የምክንያት ክፍል ነው፤ ደካማ ሪፖርት የሚታወቀው በዚህ ነው። "ስኪዞፍሬኒያ አለበት፣ ስለዚህ ብቁ አይደለም" የሚል ዐረፍተ ነገር መሃሉ ባዶ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከጠበቃቸው ጋር ተማክረው ይከራከራሉ። ሐኪሙ ከበሽታው ወደ ምልክቱ፣ ከምልክቱ ወደ ጎደለው ችሎታ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት። በምሳሌያችን ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ተከሳሹ ሌሎች እንደሚያሳድዱትና ሐሳቡን እንደሚያነቡበት ጽኑ የተዛባ እምነት አለው፤ ጠበቃው በዚህ እምነት ውስጥ ገብቷል፤ በዚህም ምክንያት መረጃ መስጠት፣ ምክር መቀበልና የእምነት ክህደት ቃሉን በራሱ ጥቅም መዝኖ መስጠት አይችልም። ክሱን መረዳቱና የችሎቱን ሰዎች መለየቱ ግን አልተጎዳም። ያልተጎዳውንም መጻፍ ግድ ነው፤ ለሚቀጥለው ምርመራ መነሻ የሚሆነው እሱ ነው።

ከዚያ ሌሎች ማብራሪያዎች አንድ በአንድ ይመዘናሉ። እያስመሰለ ይሆን? የሚያስመስል ሰው ብዙ ጊዜ ምልክቱን ፈልጎ ያሳያል፣ ቀላሉንም ጥያቄ ይስታል፣ ብቻውን ሲሆንም ሁኔታው ይቀየራል። ይህ ተከሳሽ ቀላሎቹን ጥያቄዎች በትክክል መልሷል፤ ድምፅ መስማቱን ለመደበቅ ሞክሯል፤ ነርሶች በሌሊት የመዘገቡትም ቀን ከታየው ጋር ይገጥማል፤ እህቱ እንዳለችው ከክሱ በፊትም ሬዲዮው ስሙን እንደሚጠራ ይናገር ነበር። ባህል ይሆን? ቤተሰቡ ነገሩን የቡዳ ሥራ ብሎ ጸበል ወስዶታል። ቡዳን ማመን ሕመም አይደለም፣ አካባቢው ይጋራዋል። ሆኖም መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ሐሳብ ያነባል የሚለውን ከቤተሰቡ አንድም የሚያምን የለም። ጫት፣ መጠጥ፣ የራስ ጉዳትና አካላዊ ሕመምም በታሪክና በላቦራቶሪ ይጣራሉ። "የዚያን ሌሊት አላስታውስም" የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ ብቻውን ብቃትን አያሳጣም፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. በፖዶላ ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው።

መደምደሚያው የሕግ ፍርድ አይደለም። በአንቀጽ 51 መሠረት ዳኛውን የሚያስረው የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ነው፤ ባለሙያው ከዚያ ስለሚወጣው የሕግ ውጤት ያለው አመለካከት አያስረውም። ስለዚህ የተሻለው አጻጻፍ "በእኔ ሙያዊ አስተያየት ተከሳሹ በአሁኑ ጊዜ ከጠበቃው ጋር በምክንያታዊነት ለመሥራት አይችልም፤ ውሳኔው የፍርድ ቤቱ ነው" የሚለው ነው። "በአሁኑ ጊዜ" የሚለውን መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያለ እሱ ሪፖርቱ ሰውየውን ለዘለዓለም የፈረጀው ይመስላል።

ሊመለስ ይችላል ወይ የሚለውም መመለስ አለበት። ለእንዲህ ያለ ሕመም ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት በትክክል ከተወሰደ ለውጡ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህ ከ8 ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲመረመር መጠየቅ ተገቢ ነው። በዳግም ምርመራው የሚታየው "ረጋ ብሏል ወይ" አይደለም። መድኃኒት ያደነዘዘው ሰውም ረጋ ይላል። የሚታየው ከጠበቃው ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማውራት መቻሉ ነው። በምሳሌያችን ተከሳሹ አሁንም አልፎ አልፎ ድምፅ ይሰማል፤ ግን "ጠበቃው የነሱ ነው ብዬ ነበር፣ አሁን እንደዚያ አይመስለኝም" ብሎ የምስክሮቹን ስም ሰጥቶታል። ድምፁ ባይጠፋም ብቁ ነው። ሁለተኛው ሪፖርት አንድ ማሳሰቢያ ይጨምራል፤ የችሎት ቀን ጠዋት የማረሚያ ቤቱ መኪና ክሊኒኩ ሳይከፈት ስለሚወጣ መድኃኒቱ እንዳይዘለል ማታ እንዲሰጠው ወይም በየወሩ ገደማ በሚወጋ ረጅም ጊዜ በሚቆይ መርፌ እንዲተካ ይደረግ።

የመርሳት በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ግን በ8 ሳምንት አይለወጥም። እዚያ ላይ "ይታከምና እንደገና ይምጣ" ብሎ መጻፍ ሰውየውን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ በእስር ማቆየት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. በጃክሰን ጉዳይ የከለከለውም ሰውን ብቁ ባለመሆኑ ብቻ ያለገደብ ማሰርን ነው። ሐኪሙ ብቃቱ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅበት ምክንያት ከሌለው ይህንኑ በግልጽ ይጽፋል፤ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው፣ ቤተሰቡ ሊሰጠው የሚችለውን እና የማይችለውንም ለይቶ ያስቀምጣል።