«እርስዎ» ብሎ «ላክልኝ» አይሄድም
ለታላቅ ሰው ወይም ለኃላፊ ስንጽፍ ብዙዎቻችን «አንተ»ን በ«እርስዎ» ተክተን ግሱን እንደነበረ እንተወዋለን፤ አክብሮቱ ግን በዋናነት የሚታየው በግሱና በቅጥያው ስለሆነ «እርስዎ» ጭራሽ ባይጻፍም መልእክቱ አክባሪ ሊሆን ይችላል። ለጓደኛ የተጻፈው «ደብዳቤህን አይቼዋለሁ፤ ስትመጣ ማኅተሙን እንዳትረሳ፤ ቢሮ እጠብቅሃለሁ» ለኃላፊ ሲሆን «ደብዳቤዎን አይቼዋለሁ፤ ሲመጡ ማኅተሙን እንዳይረሱ፤ ቢሮ እጠብቅዎታለሁ» ይባላል። አራት ቦታ ተለውጧል፤ ብዙ ጊዜ የምታመልጠው በ«እጠብቅሃለሁ» መሐል የተሸሸገችው «ሃ» ናት። «እንዳይረሱ» በሰዋስው ትክክል ቢሆንም ለአለቃ ማሳሰቢያ ስለሚመስል እኔ «ማኅተሙን ይዘው ቢመጡልኝ» የሚለውን እመርጣለሁ።

እንደ ሰዉና እንደ አካባቢው የሚለያየው «አንቱ» ነው፤ በንግግር ለሽማግሌዎች የተለመደ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን «እርስዎ» ይመረጣል፤ ግሱ በሁለቱም አንድ ነው።