ኤተርኒት ጣሪያ ምንድን ነው? እንዴት ይነሳል? በምንስ ይተካል?

በቅሎ ቤት ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ከአንዱ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብትመለከቱ፣ ከዛገው ቆርቆሮ መሃል ግራጫ ጣሪያ አታጡም። ሞገዱ ከቆርቆሮ ሞገድ ሰፋ ይላል፤ እዚህም እዚያም ጠቁሯል። ኤተርኒት የምንለው እሱ ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ግን እንዲህ ቀጥኖ ተሰርቶ አይበረክትም፤ ይሰባበራል። ስለዚህ አስቤስቶስ የሚባል የማዕድን ክር ተቀላቅሎበታል። የክሩ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። እሳት አይበላውም፣ አይዝግም፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ቆርቆሮ አያንኳኳም። ሃምሳ ስልሳ ዓመት የቆየ ቤት ላይ አሁንም ተቀምጦ የምናየው ለዚህ ነው።

ችግሩ ክሩ ላይ ነው። አስቤስቶስ ሲሰበር በዓይን ወደማይታይ ቀጭን ቃጫ ይሰነጠቃል። ይህ ቃጫ ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰውነት ሊያሟሟውም ሆነ ሊያወጣው ይቸግረዋል። የሳንባ ካንሰር፣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ የሳንባ መጠጠር ያመጣል። በሽታው የሚታየው ደግሞ ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ አንዳንዴም ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ጣሪያ ሲያፈርስ የዋለ ወጣት ማታ ቤቱ ገብቶ «ምንም አልሆንኩም» ቢል እውነቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቤስቶስ ዓይነቶች ሁሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይገልጻል፤ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠንም የለም። ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይበዛል።

ይህን ሰምቶ ነገውኑ ጣሪያውን ለማፍረስ መነሳት ግን አያስፈልግም። ክሩ ሲሚንቶ ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ብዙም አይወጣም። ያልተሰነጠቀ፣ የማያፈስ ኤተርኒት ካላችሁ መተው ይሻላል። የሚያስወጣው መስበር፣ መብሳት፣ በመጋዝ ወይም በግራይንደር መቁረጥ፣ በብረት ብሩሽ ፍቆ ማጠብ ነው። ቀለም ለመቀባት ብሎ ጣሪያውን በደረቁ መፋቅ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው ባይ ነኝ፤ ጣሪያውን ለማዳን ተብሎ ቃጫው ለጎረቤት ይበተናል።

የማንሻው ጊዜ መድረሱን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ዝናብ ላዩን ያለውን ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። የሉሁን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ እንደ ተበጠሰ ገመድ ጫፍ ነጭ ጸጉር ካወጣ፣ ክሩ ተጋልጧል ማለት ነው። አሸንዳው ውስጥ ግራጫ ጭቃ ከተጠራቀመም ከዚያው ጣሪያ የወረደ ነው። እሱን ጭቃ እርጥብ እንዳለ ብቻ አውጡት፤ ደርቆ እንዳይጠረግ። አስቤስቶስ የሌለበት ተመሳሳይ ሉህም ስላለ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። የቆየ ከሆነ ግን አለበት ብሎ መነሳት ይሻላል።

አንድ ቤት እንውሰድ። ጣሪያው 60 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወራጁ የቆየ እንጨት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ግቢው ጠባብ ነው፤ የጎረቤት መስኮት በክንድ ርቀት ላይ ይገኛል። መሃል አዲስ አበባ ብዙ ቤት እንዲህ ነው።

ሥራው ከሰኔ በፊት ወይም ከመስከረም በኋላ ይሁን። በደረቁ ወራት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት መጀመር ያዋጣል። ከዚያ በፊት ወረዳ መሄድ አለ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር መንቀል ራሱ ጣጣ ነው፤ የግል ከሆነም የእድሳት ፈቃድ ይጠየቃል። በዚያው የሚነሳው ሉህ የት እንደሚሄድ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሉሁ ከወረደ በኋላ ከተነሳ መልስ እስኪገኝ ግቢው መጋዘን ይሆናል።

ዋዜማውን ለጎረቤት ንገሩ። መስኮት ይዘጋ፣ የታጠበ ልብስ ይሰብሰብ፣ የውሃ በርሜል ይከደን፣ የተሰጣ በርበሬ ይነሳ። ልጆች ለዚያ ቀን ሌላ ቦታ ይዋሉ። ከጣሪያው በታች መሬቱ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ። አቡጀዲውን አትንኩት። ሉሁ ሲነሳ የሚወርደውን አቧራ እሱ ይይዘዋል።

ሠራተኞቹ የሚለብሱት ማስክ ነገሩን ይወስነዋል። የሕክምና ማስክም ሆነ ፊት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ይህን ቃጫ አያስቆምም። የሚፈለገው ማሸጊያው ላይ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚል የተጻፈበት ነው። ጺም ያለው ሰው ግን ማስኩ ከፊቱ ጋር ስለማይገጥም በጎኑ ያስገባል፤ መላጨት አለበት። ልብሱ የሚጣል ቱታ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነም እዚያው ወልቆ በላስቲክ ይታሰር፣ ለብቻው ይታጠብ። ባል የሠራበትን ልብስ አራግፋ ያጠበች ሚስት በአስቤስቶስ መታመሟ በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል።

አሁን ውሃ። የአትክልት መድኃኒት መርጫ ፓምፕ ላይ ውሃ ሙሉና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩበት፤ ሳሙናው ውሃው እንዳይንሸራተት ይረዳዋል። ሉሁን በዝግታ አርጥቡት። በጎማ በኃይል መርጨት ግን መፋቅ ነው። ብሎኑ ያለበት ቀዳዳ ዙሪያ በተለይ ደጋግሞ ይርጠብ።

ኤተርኒት ሰው አይሸከምም። ሲረግጡት ጠንካራ ይመስላል፤ ድንገት ይሰበርና ሰውየው ወለሉ ላይ ይገኛል። አስቤስቶስ የሚገድለው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ይህኛው ግን ያኔውኑ። ስለዚህ እግር የሚያርፈው ቢያንስ ሦስት ሞራሌ ላይ ተሻግሮ በተጋደመ ጠንካራ ሳንቃ ላይ ብቻ ነው፤ ወገብም በገመድ ይታሰር። የረጠበ ጣሪያ ደግሞ ያንሸራትታል።

ሉሁ የሚነሳው በተሠራበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጫፍ ላይ ያለው ክዳን፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። ብሎኑ ከተፈታ ይፈታ፤ ከዛገ አንገቱ በብረት መቁረጫ መቀስ ይቆረጥ። አናጢው በመዶሻ ጥርስ ሉሁን ተጭኖ ሚስማር ሲነቅል አይቻለሁ። ቀዳዳው ይሰነጠቃል፣ ሉሁ ሁለት ይሆናል፣ የታሰበው ሁሉ ከንቱ ነው። ሉሁ ሙሉውን ተነስቶ በእጅ ቅብብል ይወርዳል። መወርወር የለም፣ ወራጅ ላይ ማንሸራተትም የለም። መሬት ሲደርስ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በፕላስተር ይታሸግና «አስቤስቶስ፣ አይከፈት» ተብሎ ይጻፍበታል። ስብርባሪው እርጥብ እንዳለ ተለቅሞ አብሮ ይገባል። የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም አብሮ ይታሸጋል። በመጥረጊያ መጥረግ ክልክል ነው። በመጨረሻ አቡጀዲው ከላይ ይርጠብና ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይወርዳል።

ከዚያ ቁራሌው ይመጣል። «ያ ግራጫውን አትሸጡትም?» ይላል፤ ለዶሮ ቤት፣ ለአጥር የሚፈልግ ሰውም አይጠፋም። አይሰጥም። ወደ ገንዳ ወይም ወደ ቆሼም አይላክም፤ እዚያ ቆሻሻ በእጃቸው የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት አስቤስቶስን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ቆሻሻዎች ዘርዝሮታል። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅም አለን፣ ቁጥር 1090/2010።

አሁን ምን እንከድን? አብዛኛው ሰው ቀለም የተቀባ ኢጋ ቆርቆሮ ይመርጣል፤ እኔም ለእንዲህ ያለው ቤት እሱን እመርጣለሁ። የሸክላ ጣሪያ ያምራል፣ ግን አንድ ካሬው 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያረጀ ወራጅ አይችለውም። ከፕላስቲክ የተሠራውን ደግሞ እንደ እኛ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ቆርቆሮ ሲገዛ ዋናው ውፍረት ነው። በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይረዳዋል። ስለዚህ በሚሊ ሜትር ጠይቁ። 0.4 ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ በ0.2 ላይ ሰው ሲራመድ ይጎደጉዳል፣ በረዶም ያጎደጉደዋል። ሻጩ ፊት በማይክሮሜትር አስለኩ። ቀለሙም አብሮ ስለሚለካ ብረቱ ከንባቡ ትንሽ እንደሚያንስ አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚስተው ክብደቱን ነው። ኤተርኒት በካሬ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 0.4 ቆርቆሮ 4 ኪሎ ገደማ። የኛ 60 ካሬ ጣሪያ 900 ኪሎ ተሸክሞ ነበር፤ አሁን 240 ብቻ ይቀረዋል። አሮጌው ጣሪያ በነፋስ ያልተነሳው በክብደቱም ጭምር ነበር። ወራጁ ግድግዳው ላይ በሁለት የዛገ ሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ቀሊሉን ቆርቆሮ ነፋስ ከነወራጁ ያነሳዋል። ስለዚህ ጣሪያው ባዶ በሆነበት ሰዓት እያንዳንዱ ወራጅ ከግድግዳው አናት እንጨት ጋር በብረት ማሰሪያ ይታሰር፤ የበሰበሰውም ይቀየር። የኤተርኒት ሞራሌ ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ለቆርቆሮው በ90 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ጠርዝ አካባቢ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ሞራሌ መጨመር ነው።

ከሚስማር ይልቅ የጎማ ዋሸር ያለው ብሎን ይያዝ። ውሃ በማይሄድበት በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ። ጎማው ወደ ጎን ተገፍቶ እስኪወጣ ከጠበቀ ቶሎ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው በግራይንደር አይቆረጥ፤ ፍንጣሪው ዚንኩንና ቀለሙን አቃጥሎ ዝገት በዚያ ይጀምራል። የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል።

አዲሱ ጣሪያ ውስጥ ነጠብጣብ ብታዩ ወዲያው አናጢ አትጥሩ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከስሩ ያለውን ብሎን ተመልከቱ። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ንጋት ላይ በየቦታው ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ተጠራቅሞ ነው። ኤተርኒት ይህን እርጥበት ይመጥ ነበር፤ ብረት አይመጥም። መድኃኒቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ማድረግና ለአየር መውጫ መተው ነው።