ፓን፣ ቲልት፣ ዶሊ፣ ክሬን፦ የካሜራ እንቅስቃሴ በሾት ዝርዝር ላይ እንዴት ይጻፋል?

የካሜራ እንቅስቃሴ ስሞች ሲደረደሩ ብዙ ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ካሜራው ቦታውን ሳይለቅ ዞር ይላል። በሁለተኛው ካሜራው ራሱ ከቦታው ተነስቶ ይሄዳል። ፓንና ቲልት የመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ዶሊና ክሬን የሁለተኛው። የሾት ዝርዝር ማለት እያንዳንዱ ሾት እንዴት እንደሚቀረጽ አስቀድሞ የሚጻፍበት ወረቀት ነው፤ እዚያ ላይ የሚታየው ውዥንብር አብዛኛው የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። «ካሜራው ወደ ላይ ፓን ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ካሜራ ማን፣ የተፈለገው ቲልት ይሁን ክሬን ማወቅ አይችልም። ጥያቄው ቀረጻው ቦታ ላይ ከተነሳ ደግሞ አልፏል፤ ክሬን አልተከራየም።

ፓን ማለት ካሜራው ትራይፖዱ ላይ እንዳለ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞሩ ነው። ቲልት ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል። ሁለቱም ሲጻፉ መነሻና መድረሻ ያስፈልጋቸዋል። «ፓን ወደ ቀኝ» ብቻ ብሎ መተው ለማንም አይጠቅምም። «ፓን ወደ ቀኝ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ» ሲባል ግን ካሜራ ማኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ያውቃል። ግራና ቀኝ ሁሌም የሚቆጠረው ከካሜራው ጎን ነው። የተዋናዩ ቀኝ ለካሜራው ግራ ስለሆነ፣ ይህን ያልተስማማ ቡድን በየሾቱ ይጨቃጨቃል። ከእንቅስቃሴው በፊትና በኋላ ካሜራው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆሞ እንዲቀርጽ መጻፍም ጥሩ ነው። አለዚያ ኤዲተሩ መቁረጫ ያጣል።

ፓን ላይ ትልቁ ጣጣ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 24 ነጠላ ምስል ሲቀረጽ ካሜራው ፈጠን ብሎ ከዞረ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳውና የመስኮቱ ጠርዝ እየዘለሉ የሚሄዱ ይመስላሉ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ አንድ ነገር ከፍሬሙ አንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ 7 ሰከንድ ያህል ይውሰድ። የሚሮጥን ሰው የሚከተል ፓን ግን ከዚህ ግምት ነፃ ነው። ሰውየው ፍሬሙ ውስጥ ባለበት ስለሚቆይ የተመልካች ዓይን እሱ ላይ ያርፋል፤ የጀርባውን መዝለል ልብ አይልም። ስለዚህ «አካባቢውን የሚያሳይ ፓን» እና «ሰውየውን የሚከተል ፓን» ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ዶሊ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ካሜራው ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም በሐዲድ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ ወይም ወደጎን ይሄዳል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ፓስትሮኔ እ.ኤ.አ. በ1914 በወጣው «ካቢሪያ» ፊልሙ ተጠቅሞበታል። ዶሊን ከሌላው የሚለየው ቅርብና ሩቅ ያሉ ነገሮች እኩል አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ከፊት ያለው ወንበር በፍጥነት ያልፋል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ ዝግ ይላል። ዙም ይህን አይሰጥም። ዙም ካሜራው ቆሞ ሌንሱ ብቻ ምስሉን ሲያጎላ ነው፤ ወንበሩም ግድግዳውም እኩል ያድጋሉ። የተቀረጸ ነገር እያዩ ዶሊ ነው ዙም ብለው ከተጠራጠሩ፣ ከፊት ያለው ዕቃ ከጀርባው ካለው ጋር ያለው አቀማመጥ ተለውጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ከተለወጠ ካሜራው ሄዷል ማለት ነው።

«ካሜራው በቀስታ ወደ አልማዝ ይጠጋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። የሾት ዝርዝር ላይ ሞልቷል። ትዕይንቱ ይህ ነው እንበል፦ አልማዝ ሳሎን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና እያፈላች ነው፤ ስልክ ተደውሎ መርዶ ትሰማለች። ዓረፍተ ነገሩ ስንት ነገር ትቷል? ዶሊ ነው ዙም? ከምን ያህል ርቀት ይነሳል? መቼ ይጀምራል? የት ይቆማል? እነዚህን የሚመልስ ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሾት 7። 35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በአልማዝ ዓይን ከፍታ። መነሻ፦ ሚዲየም፣ ከ2 ሜትር ርቀት፤ ረከቦቱ ከፍሬሙ ግራ ጥግ ከፊት ይታያል። «ሃሎ» ካለች በኋላ ዝም ስትል ዶሊ ወደፊት፣ በ8 ሰከንድ 1.2 ሜትር። ረከቦቱ በግራ ከፍሬም ይወጣል። መድረሻ፦ ክሎዝ አፕ፣ ከ80 ሳንቲሜትር። ስልኩን ዝቅ እስክታደርግ ካሜራው ቆሞ ይጠብቃል።»

ሚዲየም ሰውየውን ከወገብ በላይ፣ ክሎዝ አፕ ፊቱን ብቻ የሚያሳይ ሾት ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግን እያንዳንዱ ቃል ለአንድ ሰው ሥራ ይሰጣል። ረከቦቱ በግራ በኩል መቀመጡ የተጻፈው ለውበት ብቻ አይደለም። ከፊት ለፊቷ ከሆነ ሐዲዱ የሚያልፍበት የለም፤ ስኒዎቹን እየጨፈለቀ አይሄድም መቼም። ርቀቱ ለፎከስ ሠራተኛው ነው። እሱ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፎ በየምልክቱ ፎከሱን ያስተካክላል። ካሜራው በቀረበ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ስለሚጠብ፣ መጨረሻው ላይ አንገቷን ትንሽ ብታዘነብል እንኳ ፊቷ ሊደበዝዝ ይችላል። «ዝም ስትል» የሚለው ደግሞ ጋሪውን ለሚገፋው ሰው ነው። በሰዓት ቢባል ኖሮ ተዋናይዋ ዘግየት ባለች ቁጥር እንቅስቃሴው ቀድሟት ይሄዳል።

የዓይን ከፍታ የሚለውም ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። በርጩማ ዝቅተኛ ነው። ካሜራው ከአልማዝ ዓይን ከፍ ካለ፣ ዶሊው በተጠጋ መጠን ፊቷ ወደ ፍሬሙ ታች ይንሸራተታል። ያኔ ካሜራ ማኑ እየሄደ ቀስ ብሎ ወደ ታች ቲልት ማድረግ አለበት። ከፍ ያለ እይታ ሆን ተብሎ ከተፈለገ «ዶሊ ወደፊት፣ ፊቷን ለመያዝ ከትንሽ ቲልት ወደ ታች ጋር» ብሎ አንድ ላይ መጻፍ ነው። ሁለት እንቅስቃሴ አብሮ ሲሄድ በአንድ ሾት ሥር ይግባ፤ ለየብቻ ከተጻፈ ሁለት ሾት ይመስላል።

ክሬን ካሜራውን በረጅም ክንድ ጫፍ አድርጎ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። አነስ ያለው ጂብ ይባላል። እኛ ዘንድ በሰርግ ቀረጻ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቲልት ጋር የሚያምታታው ሁለቱም ወደ ላይ ስለሚያሳዩ ነው። ቲልት አንድን ፎቅ ከሥር አንጋጦ ያያል፤ ክሬን ግን ከፎቁ መስኮት እኩል ይደርሳል። አጻጻፉ ላይ ሁለት ከፍታ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ምን እንደሚገለጥ። «ክሬን ወደ ላይ፣ ከ1 ሜትር እስከ 4 ሜትር፣ በ10 ሰከንድ። ካሜራው ሙሽሮቹን እንደያዘ ወደ ታች ቲልት ያደርጋል፤ ከአጥሩ ኋላ የቆመው ሰው ይገለጣል።» የሚገለጥ ነገር ከሌለ ክሬኑ ለምን እንደተከራየ ፕሮዲዩሰሩ መጠየቁ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው።

ከፍታው ቀድሞ መጻፉ ለጥንቃቄም ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ቦታ ክንዱ የት ድረስ እንደሚወጣ ከዝርዝሩ ይታወቃል። የክንዱ ሌላ ጫፍ ላይ ካሜራውን የሚመዝን ክብደት አለ። ሾቱ አልቆ ካሜራው ሲፈታ መጀመሪያ የሚወርደው ያ ክብደት ነው። ካሜራው ቀድሞ ከተነሳ የክብደቱ ጫፍ ዱብ ይላል፤ ባዶው ክንድ ደግሞ ተወንጭፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አጠገቡ የቆመን ሰው ሊጎዳ ይችላል።