የኦቨርታይም «ቤዝ» ምንድን ነው? 1.5 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም

ሰሞኑን አንዱ «ኦቨርታይም ማስላት ምን ከባድ ነገር አለው፣ ግሮስህን ለሰዓት አካፍለህ በ1.5 ታባዛለህ፣ ከዛ ካነሰ ተበልተሃል» እያለ ሲያስረዳ ሰምቼ አላስቻለኝም። ስንቱ ሰው ይሄንን ሂሳብ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቷል መሰላችሁ። ጉዱ ደግሞ ከመጡት ብዙዎቹ እውነትም የጎደለባቸው ናቸው፣ ግን ይዘው የመጡት ቁጥር የተሳሳተ ስለሆነ ፔይሮል ክፍሉ «ሂሳብህ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሳቸዋል፣ እውነተኛው ጉድለትም እዛው ተዳፍኖ ይቀራል።

1.5 ማባዣ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሚባዛው ነገር ነው ቤዝ የሚባለው፣ ማለትም የሰዓት ክፍያችሁ ሲወጣ ከደመወዛችሁ ውስጥ የሚቆጠረው ክፍል። አንድ ሰው «አንድ ተኩል ቁና አለብህ» ቢላችሁ ዝም ብላችሁ አትሰፍሩም አይደል፣ ቁናው የማን ነው ትላላችሁ። ትልቁ ነው ትንሹ? እስከ አፉ ነው ወይስ በአናቱ ተከምሮ? ኦቨርታይምም ያው ነው፣ ሁለት ድርጅት ሁለቱም «1.5 እንከፍላለን» ብለው አንዱ የሚሰፍርበት ቁና የሌላውን ግማሽ ሊያክል ይችላል፣ ሁለቱም ግን አልዋሹም።

ችግሩ የድርጅታችሁ ፖሊሲ ቁናውን የሚነግራችሁ ኦቨርታይም የሚለው ክፍል ላይ አለመሆኑ ነው። እዛ ያለው «የሰዓት ክፍያው በ1.5 ተባዝቶ» የሚል አንድ መስመር ነው፣ ሰውም እሱን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። «የሰዓት ክፍያ» ማለት ምን እንደሆነ ያለው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ፣ ማንም የማያነበው የትርጓሜ ገጽ ላይ ነው። የትኛው አበል እዛ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ አበሎቹ በሚዘረዘሩበት አባሪ ላይ። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳታስቀምጡ የደመወዝ ስሊፕ ይዛችሁ አትከራከሩ።

አንዷ የመጣችበትን ላሳያችሁ፣ ቁጥሩን ለሂሳብ እንዲመች ቀየር አድርጌዋለሁ። ስሊፗ ላይ መሠረታዊ ደመወዝ 12,480፣ የኃላፊነት አበል 2,080፣ የትራንስፖርት አበል 1,040 ይላል፣ ድምሩ 15,600። ኦቨርታይም የሚለው መስመር ላይ 8 ሰዓት፣ 720። እሷ የሠራችው 10 ሰዓት ነው፣ እና ሂሳቧ 15,600ን ለ173.33 አካፍላ በሰዓት 90፣ በ1.5 ሲባዛ 135፣ የ10 ሰዓቱ 1,350። «630 በሉኝ» ነው የምትለው። የፔይሮሉ ልጅ በበኩሉ «ሲስተሙ ያወጣው ነው፣ ልክ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። (ሲስተም የሚያወጣው ሰው ያስገባበትን ነው እኮ፣ ይሄንን ስንት ጊዜ ልበል።)

እኔ እንዲህ ያለ ሲመጣ መጀመሪያ ስሊፑን ወደ ኋላ ነው የምፈታው። 720ን ለ8 አካፍሉት፣ 90። 90ን ለ1.5 ደግሞ፣ 60። 60ን በ208 አባዙት፣ 12,480። ቁጥሩ መሠረታዊ ደመወዟ ላይ እንደ ቁልፍ ገጠመ። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ሲስተሙ አበል የሚባል ነገር እንዳልቆጠረና ወሩን በ208 ሰዓት፣ ማለትም 26 ቀን በ8 ሰዓት፣ እንደሚያካፍል አወቅኩ። በ208 ባይገጥም ኖሮ በ173.33 እሞክር ነበር፣ እሱ ሳምንቱን 40 ሰዓት አድርጎ በ52 አባዝቶ ለ12 ያካፈለ ድርጅት ነው። በሁለቱም ካልገጠመ ወይ ማባዣው 1.5 አይደለም (የሌሊት፣ የእረፍት ቀንና የበዓል ማባዣ የየራሱ ነው፣ አንድ መስመር ላይ አጭቀው የሚያትሙ አሉ) ወይ ደግሞ ደመወዙ ወር መሀል ላይ ተቀይሯል። በሰዓት የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ስሊፕ የትርፍ ሰዓቱን አንዱን እጅ ከመደበኛው ሰዓት ጋር ደምሮ ኦቨርታይም መስመር ላይ ግማሹን ብቻ ያሳያል፣ በ0.5 የተከፈላችሁ ይመስላችኋል ግን አይደለም።

ከዛ ወደ ፖሊሲው። ትርጓሜው ላይ «የሰዓት ክፍያ ማለት መሠረታዊ ደመወዝና ከሥራ መደቡ ጋር የተያያዘ ቋሚ አበል ተደምሮ ለ208 ሲካፈል ነው» ይላል። አባሪው የኃላፊነት አበልን ከመደቡ ጋር የተያያዘ ቋሚ አበል ይለዋል፣ ትራንስፖርትን ደግሞ ወጪ መተኪያ። ስለዚህ ቁናው 12,480 አይደለም፣ 15,600ም አይደለም፣ 14,560 ነው። ለ208 ሲካፈል 70፣ በ1.5 ሲባዛ 105፣ የ8 ሰዓቱ 840። የጎደለባት 120 ነው፣ በሰዓት 15። የቀሩት 2 ሰዓቶች አልጠፉም፣ የሠራችው የሰዓት መዝገብ ለዛ ወር ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ የሚቀጥለው ወር ስሊፕ ላይ ነው የሚመጡት። ይሄ የመዝጊያ ቀን ነገር ከፖሊሲውም ውጪ ነው፣ የፔይሮል ካላንደር ላይ ነው ያለው፣ የግማሹ ሰው ጥያቄ ግን መልሱ እሱ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ተሳስተዋል፣ እሷ በላይ እሱ በታች። ምክንያቱ ሲጣራ የኃላፊነት አበሉ ከአራት ወር በፊት ሲስተሙ ላይ አዲስ የተከፈተ ኮድ ነበር፣ ሲከፈት «ኦቨርታይም ቤዝ ውስጥ ይገባል» የምትለዋን ሳጥን ማንም አልነካትም። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም፣ ያንን አበል የሚያገኝ ሁሉ ኦቨርታይሙ ጎድሏል ማለት ነው። የእሷ ውዝፍ የአራቱ ወር ሰዓት 12፣ 0፣ 6 እና 8 ተደምሮ 26፣ በ15 ሲባዛ 390 መጣ። እዚህ ላይ የወሩን 120 በ4 አባዝቶ 480 የሚል አይጠፋም፣ ሰዓቱ በየወሩ ይለያያል እኮ ወገኖቼ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፖሊሲው ራሱ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ያላችሁበት አገር የሥራ ሕግ ከፖሊሲው የተሻለ ቤዝ ወይም ማባዣ ካስቀመጠ ፖሊሲው ከዛ በታች ሊሰፍር አይችልም፣ የተሻለ ሊሰጥ ግን ይችላል።

390ው ተከፈላት፣ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። አካውንቷ ላይ የጨመረው 312 ነው፣ «78ቱን ደግሞ ማን ወሰደው?» አለችኝ። እዚህም ያው የቁና ነገር ነው፣ ተቀናሾችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቤዝ አላቸው። ግብሩ የሚሰፈረው ግብር በሚከፈልበት ገቢ ሁሉ ላይ ነው፣ ኦቨርታይምም ስለሚገባበት ጭማሪው እሷ ባለችበት እርከን፣ በ20 በመቶ፣ ተቀነሰበት፣ 78። ጡረታዋ ግን ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ 5 በመቶ፣ 624፣ እሱ ሳንቲም አልተነቃነቀም። ስሊፗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላትና 624ን ለ0.05 እንድታካፍል ስልኳን ሰጠኋት። 12,480 ሲወጣ ሳቀችና ያለፈውን ወር ስሊፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ትፈታው ጀመር።