ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ምንድን ነው? ሦስት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንዱ ሦስት ዓይነት አምፖል «አነጻጽሬያለሁ» ብሎ የሠራውን ሠንጠረዥ አየሁ። በባለ ክሩ ስር «ርካሽ» ይላል። በጠምዛዛው ፍሎረሰንት ስር «ኃይል ቆጣቢ»። በኤልኢዲው ስር «ብዙ ዓመት ይቆያል»። መስመር ስለተሰመረበት ማነጻጸሪያ አይሆንም። ለአንዱ የተጠየቀው ጥያቄ ለሦስቱም መጠየቅ አለበት።

«60 ዋቱ ከ9 ዋቱ ይበልጣል፣ ቁጥሩ እየተናገረ ምን ያከራክራል?» ያለኝም አለ። ወንድሜ፣ ዋት አምፖሉ የሚበላው ነው። የሚሰጥህ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው።

ጤፍ ልትገዛ ሄድክ እንበል። አንዱ ቁናውን ቆልሎ ይሰፍራል፣ ሌላው አፉን ጠርጎ፣ ሦስተኛው በጣሳ። ሦስቱም በአንድ ቁና እስኪሰፈሩ ድረስ ዋጋ መጠየቅ ከንቱ ነው። የእኛ ቁና 800 ሉመን ገደማ ይሁን፤ የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ነው።

| 800 ሉመን ገደማ የሚሰጥ | ኃይል (ዋት) | በ1,000 ሰዓት የሚበላው (ኪሎዋት ሰዓት) | የተለመደ ዕድሜ (ሰዓት) |
|---|---|---|---|
| ባለ ክር | 60 | 60 | 1,000 |
| ጠምዛዛ ፍሎረሰንት | 14 | 14 | 8,000 |
| ኤልኢዲ | 9 | 9 | 15,000 |

አምፖሎቹን ከላይ ወደ ታች የደረደርኩት ሆን ብዬ ነው። 60፣ 14 እና 9 አንዱ ከአንዱ ስር ሲቀመጡ ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ይይዛል። መለኪያው ራስጌ ላይ አንዴ ይጻፋል፤ በየሳጥኑ «ዋት፣ ዋት» ማለት ንባብ ያዘገያል። ያላገኘኸው ቁጥር ካለ «አልተገለጸም» በል። ባዶ ሳጥን አንባቢ ዜሮ ይመስለዋል።

ዋጋውን ከሱቅህ ጠይቀህ ጨምርበት፤ ግን የአንዱን አምፖል ዋጋ ብቻ አትጻፍ። ለ15,000 ሰዓት ብርሃን ኤልኢዲው 1፣ ጠምዛዛው 2፣ ባለ ክሩ 15 ይፈልጋል። በዚህ ካላባዛኸው ጣሳና ቁና ደባልቀሃል።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጣ። የመጨረሻው ዓምድ እንደሚመስለው ንጹሕ አይደለም። የባለ ክሩና የጠምዛዛው ዕድሜ የሚባለው፣ ከተፈተኑት ግማሾቹ የሚቃጠሉበት ሰዓት ነው። የኤልኢዲው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ቁናው እዚህም ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር ይጻፍበት። ኤልኢዲው አየር በማያገኝ ዝግ ግሎብ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይግላል፣ 15,000 ሰዓቱንም ላይደርስ ይችላል። ይህንንም እዚያው መስመር ላይ ጨምረው።